የተጽዕኖ ፈጣሪን ቪዲዮ ከፍሎ ማሰራጨትና ውጤቱን መለካት

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ በርበሬና ሽሮ በድረ ገጽ የሚሸጥ አንድ የባልትና ነጋዴ አለ እንበል። በኢንስታግራም የምግብ አሠራር የምታሳይ አንዲት ባለሙያ በእርሱ በርበሬ ዶሮ ወጥ ሠርታ ቪዲዮውን በገጿ እንድትለጥፍ 500 ዶላር ይከፍላታል። ከዚያም ቪዲዮው በተከታዮቿ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር ለማያውቋት ሰዎች እንዲታይ ለኢንስታግራም ይከፍላል። ይህ የአጋርነት ማስታወቂያ ይባላል፤ በማስታወቂያው አናት ላይ የሁለቱም ስም ይታያል። ማዘጋጀቱ ቀላል ነው። ገንዘብ የሚባክነው ውጤቱን በተሳሳተ መንገድ በመቁጠር ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ፣ ቀረጻው ሳይጀመር ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ማስታወቂያው ስንት ቀን እንደሚሄድና እስከዚያ ድረስ ቪዲዮው እንደማይሰረዝ ይጻፍበት፤ እርሷ ልጥፉን ካጠፋችው ማስታወቂያውም አብሮ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ግን ከጀርባው የታዋቂ ዘፋኝ ሙዚቃ አይግባበት። የባለቤትነት መብት ያለበት ዘፈን የገባበትን ቪዲዮ ኢንስታግራም በማስታወቂያነት አይቀበልም፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የባለሙያዋ ድምፅና የሽንኩርቱ ቁሌት ድምፅ ይበቃሉ።

ቀጥሎ ባለሙያዋ ቪዲዮውን ስትለጥፍ በክፍያ የተሠራ መሆኑን የሚገልጸውን ምልክት ታድርግበት፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደንብም ይህ ለተመልካች በግልጽ እንዲነገር ያስገድዳል። ከዚያ ለነጋዴው ፈቃድ ትሰጣለች፣ ወይም የማስታወቂያ ኮድ አውጥታ ትልክለታለች። እርሱም የኢንስታግራም ባለቤት በሆነው በሜታ የማስታወቂያ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ Partnership ad የሚለውን ከፍቶ ኮዱን ያስገባል።

ክፍያው ግን በዚያው ቀን አይጀመር። ቪዲዮው ሦስት ቀን ያህል በራሱ ይሂድ፤ ተከታዮቿ ያለ ማስታወቂያ ያመጡት ሽያጭ ለብቻው የሚታየው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው። በቪዲዮው ውስጥ የምትናገረው የቅናሽ ኮድ ይህን አይለይም፤ ተከታዩም ማስታወቂያውን ያየውም የሚሰሙት ያንኑ ኮድ ነው። የሚለየው በማስታወቂያው ቁልፍ ላይ ብቻ የሚገባ አድራሻ ነው። ከድረ ገጹ አድራሻ ጫፍ ላይ ይህ ይቀጠላል፦

```
?utm_source=instagram&utm_medium=paid&utm_content=doro
```

አሁን ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ነጋዴው ራሱ የቀረጸውን ቪዲዮ በራሱ ስም ሌላ ማስታወቂያ ያድርገው፤ ሁለቱን በሜታ የA/B ሙከራ እኩል ገንዘብ መድቦ ለሁለት ሳምንት ያስኪዳቸው። ሙከራው ተመልካቹን ለሁለት ስለሚከፍል አንድ ሰው ሁለቱንም አያይም። ነባር ደንበኞች ከሁለቱም ወገን ይውጡ፤ ያለዚያ መግዛታቸው የማይቀር ሰዎች እንደ አዲስ ሽያጭ ይቆጠራሉ።

ለእያንዳንዱ 400 ዶላር ወጣ እንበል። የነጋዴው ቪዲዮ 20 ሽያጭ አመጣ፤ አንዱ 20 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። የባለሙያዋ 32 አመጣ፤ አንዱ 12.50 ዶላር። የሜታ ሰንጠረዥ የሚያሳየው ይህን ብቻ ስለሆነ ብዙዎች እዚህ ላይ ደስ ብሏቸው ያቆማሉ። ለእርሷ የተከፈለው 500 ዶላር ግን በሰንጠረዡ ውስጥ የለም። ሲደመር 900 ለ32፣ አንዱ ሽያጭ ወደ 28 ዶላር ይወጣል፤ ከነጋዴው ቪዲዮ ይልቅ ውድ ሆነ።

ይህ ማለት ግን ይጣል ማለት አይደለም። 500 ዶላሩ አንዴ የተከፈለ ነው፤ ከነጋዴው ቪዲዮ 20 ዶላር ላይ የእርሷ 12.50 ሲቀነስ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የሚተርፈው 7.50 ነው። 500 ለ7.50 ሲካፈል 67 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቪዲዮው ያው ዋጋ ሳይጨምር 67 ሽያጭ ከደረሰ፣ ማለትም 840 ዶላር ያህል ከተሰራጨበት፣ ክፍያዋን መለሰ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው። በስምምነቱ ላይ የቀኑን ብዛት የሚወስነውም ይህ ስሌት ነው። 32 እና 20 ትንንሽ ቁጥሮች ናቸውና ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘቡን በአንዴ ሳያፈሱ በየሳምንቱ የአንዱን ሽያጭ ወጪ ማየት ይገባል። ያው ሰው ቪዲዮውን ደጋግሞ ሲያየው ወጪው ማሻቀብ ይጀምራል፤ 20 ዶላር ከነካ ማሰራጨቱ ይቁም።

አንድ ጥርጣሬ ይቀራል። ሜታ በተለመደው አሠራሩ ማስታወቂያውን ነክቶ በሰባት ቀን ውስጥ የገዛውን ብቻ ሳይሆን፣ አይቶ ሳይነካው በአንድ ቀን ውስጥ የገዛውንም ለራሱ ይቆጥራል። የበዓል ሰሞን ከሆነ ያ ሰው በርበሬ መግዛቱ ላይቀር ይችላል። ለማጣራት፣ በዓል በሌለበት ጊዜ ማስታወቂያው በቴክሳስና በኮሎራዶ ለሁለት ሳምንት እንዳይታይ ይደረግ፤ በሌሎቹ ግዛቶች ይቀጥል። ከዚያ የሜታን ሰንጠረዥ ትቶ የራስን የትእዛዝ መዝገብ መክፈት ነው። ከሁለቱ ግዛቶች የሚመጣው ትእዛዝ ሌሎቹ እንዳሉ ሆነው ከቀነሰ ማስታወቂያው በእርግጥ ይሸጥ ነበር። ካልቀነሰ ግን በሰንጠረዡ ላይ የተቆጠሩት ብዙዎቹ ማስታወቂያው ባይኖርም የሚገዙ ሰዎች ነበሩ።