ገመድ አልባ ማዳመጫን ከአውሮፕላን ስክሪን ጋር ለማገናኘት

በብዙ አውሮፕላኖች የመቀመጫ ጀርባ ስክሪን ድምፅ የሚሰጠው በገመድ መሰኪያ ብቻ በመሆኑ፣ ገመድ አልባ ማዳመጫ የያዘ መንገደኛ ትንሽ የብሉቱዝ አስተላላፊ ሊይዝ ይገባል። አስተላላፊው መሰኪያው ላይ ተሰክቶ የስክሪኑን ድምፅ በብሉቱዝ ወደ ማዳመጫው ይልካል። ሲገዙ ድምፅ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚያስተላልፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ ማብሪያውን ማስተላለፍን በሚያመለክተው TX ላይ ያድርጉት።

አስተላላፊውን ከማዳመጫው ጋር ማጣመሩን ቤት ሳሉ ቢጨርሱ ይሻላል። አውሮፕላን ውስጥ ከሚያጋጥሙት እክሎች ዋነኛው፣ ማዳመጫው አስተላላፊውን ትቶ ከለመደው ስልክ ጋር መገናኘቱ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው የስልክዎን ብሉቱዝ ያጥፉ። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከተሰማ፣ መሰኪያው ባለሁለት ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል ባለሁለት እግር መቀየሪያ ያስፈልጋል። የተዋናዮቹ አፍና ድምፅ ካልተገጣጠሙ ደግሞ መንስኤው የብሉቱዝ መዘግየት ነው፤ ይህን የሚቀንሰው aptX Low Latency የተባለው የብሉቱዝ ድምፅ ቴክኖሎጂ የሚሠራው አስተላላፊውም ማዳመጫውም ሲደግፉት ብቻ ስለሆነ፣ ለአንዱ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርፍ የለውም።

ደንቡን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንደ ብሉቱዝ ያሉ አጭር ርቀት የሚሸፍኑ መሣሪያዎችን መጠቀም ፈቅዷል፤ የስልክ ኔትወርክ ግን መዘጋት አለበት። ሆኖም የመጨረሻው ውሳኔ የአየር መንገዱና የበረራ ሠራተኞቹ በመሆኑ፣ በተለይ በመነሻና በማረፊያ ሰዓት አስተላላፊውን ንቀሉ ከተባሉ መንቀል ግዴታ ነው። የደህንነት ማብራሪያው ሲሰጥም ማዳመጫውን ከጆሮዎ ያውርዱ፤ ድምፅ የሚያፍን ዓይነት ከሆነ ማስታወቂያውን ላይሰሙ ይችላሉ።