በሁለት ትኬት ስጓዝ የገጠመኝ ችግርና ያስተካከልሁበት መንገድ

እናቴን ለመጠየቅ ከሚኒያፖሊስ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በሌላ አየር መንገድ ለየብቻ ትኬት ቆርጬ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ሦስት ሰዓት ሲዘገይ ቀጣዩ እንደሚያመልጠኝ ገባኝ። የመጀመሪያው አየር መንገድ ውሉ ደለስ ላይ ስለሚያበቃ ለቀጣዩ ጉዞ ኃላፊነት አልነበረበትም፤ በሁለተኛው ዘንድ ደግሞ ሳያሳውቅ የቀረ መንገደኛ ሆኜ እቆጠር ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የመልሱ ጉዞም አብሮ ይሰረዛል።

ስለዚህ የአዲስ አበባው በረራ ከደለስ ከመነሣቱ አስቀድሜ፣ ገና ሚኒያፖሊስ ሳለሁ፣ ለሁለተኛው አየር መንገድ ደውዬ ጉዞዬን ወደ ማግስቱ አዛወርሁ። የለውጡን ክፍያና የዋጋውን ልዩነት ከኪሴ ብከፍልም የመመለሻ ትኬቴ ተረፈልኝ።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ሁሉንም በአንድ ትኬት ገዛሁ። አንድ የቦታ ማስያዣ ኮድ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ አንዳንድ ሻጮች በአንድ ኮድ ሥር ሁለት ትኬት ያወጣሉና፣ ከመክፈሌ በፊት በረራዎቹ በሙሉ በአንድ ትኬት እንደሚወጡ ሻጩን ጠየቅሁ፤ ትኬቱ ሲደርሰኝም 13 አኃዝ ያለው የትኬት ቁጥር ለሁሉም በረራዎች አንድ መሆኑን አመሳከርሁ። እንዲህ ባለ ትኬት የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥ፣ መንገደኛውን ያለ ተጨማሪ የትኬት ክፍያ በሌላ በረራ ወደ መድረሻው ማድረስ የአየር መንገዶቹ ኃላፊነት ነው።