በፌስቡክ የገባንባቸውን መተግበሪያዎች ማቋረጥና የያዙትን መረጃ ማስጠፋት

«Continue with Facebook» ብለው የገቡበት መተግበሪያ ያኔውኑ ስምዎን፣ የፕሮፋይል ፎቶዎንና ከፈቀዱለት ኢሜይልዎን ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጧል። ከፌስቡክ ላይ ሲያስወግዱት የሚዘጋበት ወደፊት የሚወስደው ብቻ ነው። ቀድሞ የወሰደውን ፌስቡክ ሊያጠፋልዎ አይችልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያቋርጥና ኋላ ስለ መረጃው ያስባል። በፌስቡክ ብቻ የተከፈተ አካውንት ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ የይለፍ ቃል የለውም። ካቋረጡ በኋላ አካውንቱን ከውስጥ ለመሰረዝ መግባት ያቅትዎታል፤ እንደገና በፌስቡክ ከገቡ ደግሞ ፈቃዱን መልሰው ሰጡት ማለት ነው። መሰረዙ ይቅደም፣ ማቋረጡ ይከተል።

1. ዝርዝሩን ይክፈቱ። በፌስቡክ «Settings & privacy»፣ ቀጥሎ «Settings»፣ ከዚያ «Apps and websites» ይግቡ። «Expired» የሚል ምልክት ያለበትን አይለፉት። ከ90 ቀን በላይ ስላልተጠቀሙበት አዲስ መረጃ እንዳይወስድ ታግዷል ማለት እንጂ፣ የያዘውን አጥፍቷል ማለት አይደለም።

2. መተግበሪያው ውስጥ ገብተው አካውንቱን ይሰርዙ። የሚፈልጉት ፎቶ ወይም ሰነድ ካለ አስቀድመው ያውርዱ። ክፍያ ካለብዎ ለየብቻ ያቋርጡት፤ አካውንት ስለጠፋ በአፕ ስቶር ወይም በፕሌይ ስቶር በኩል የሚቆረጠው ገንዘብ አይቆምም። አፕል ከሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ አካውንት የሚያስከፍት መተግበሪያ ሁሉ መሰረዣውንም እዚያው ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ቁልፉ በአብዛኛው አለ፤ ቅንብሩ መጨረሻ ላይ ይፈልጉት። «Deactivate» የሚለውን ግን አይጫኑ፤ እሱ ይደብቃል እንጂ አያጠፋም።

3. አሁን ያቋርጡ። ወደ ፌስቡክ ዝርዝር ተመልሰው «Remove» ይበሉ። መተግበሪያው በስምዎ የለጠፈው ነገር ካለ አብሮ እንዲጠፋ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት።

4. የማጥፋት ጥያቄውን ይላኩ። መሰረዣ ቁልፍ ለሌለው ወይም ለማይታመን መተግበሪያ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከተወገዱት ዝርዝር ውስጥ መተግበሪያውን ሲከፍቱ «Send Request» የሚል ቁልፍ ካገኙ ይጫኑት። ፌስቡክ ጥያቄውን ለመተግበሪያው ያስተላልፋል፤ መተግበሪያውም ጉዳዩን የሚከታተሉበት ሊንክና የማረጋገጫ ኮድ መመለስ አለበት። ሁለቱንም ስክሪንሹት ያንሱ።

ቁልፉ ከሌለ በመተግበሪያው የግላዊነት ፖሊሲ ላይ ወዳለው ኢሜይል ይጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ጥያቄ ይከሽፋል፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ላኪውን ከአካውንቱ ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። አንድ ምሳሌ እንይ። ፌስቡክን በስልክ ቁጥር የከፈተ ሰው በዚያው ፌስቡክ ወደ አንድ ፎቶ ማሳመሪያ መተግበሪያ ገባ እንበል። ፌስቡኩ ላይ ኢሜይል ስላልነበረ መተግበሪያው ኢሜይሉን ጨርሶ አያውቀውም። ሰውየው ከጂሜይሉ «መረጃዬን አጥፉ» ብሎ ቢጽፍ «እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለንም» ይሉታል፤ እውነታቸውንም ነው። መተግበሪያው የሚያውቀው ፌስቡክ የሰጠውን መለያ ቁጥር፣ «User ID» የሚባለውን ነው። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ይለያያል፤ ስለዚህ ከፕሮፋይልዎ ሊንክ ላይ የሚገኘው አያገለግልም። በፌስቡክ «Apps and websites» ውስጥ መተግበሪያውን ሲከፍቱ በዝርዝር ገጹ ላይ የሚታየውን ኮፒ አድርገው ደብዳቤው ውስጥ ያስገቡ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ርዕሱን «Data deletion request» ይበሉት። በፌስቡክ እንደገቡ፣ መለያ ቁጥርዎን፣ አካውንቱ ላይ የነበረውን ስም ይጻፉ። አካውንቱ ብቻ ሳይሆን መረጃው እንዲጠፋ፣ ለሌላ ያስተላለፉት ካለም እንዲያሳውቁና ሲጨርሱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ይጠይቁ። የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ፎቶ ላኩ ካሉዎት ወዲያው አይላኩ፤ መረጃ ለማስጠፋት የበለጠ አደገኛ መረጃ መስጠት ስለሚሆን ሌላ ማረጋገጫ ይጠይቋቸው።

5. ቀኑን ይያዙ። በአውሮፓ ሕብረት አገር ለሚኖር የሕብረቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለምላሽ አንድ ወር ይሰጣል፤ ጉዳዩ ከተወሳሰበ ሁለት ወር ሊጨመር ይችላል። በካሊፎርኒያ ሕግ የሚገዛ ድርጅት 45 ቀን አለው፤ አስታውቆ ሌላ 45 ሊጨምር ይችላል። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የክፍያ ደረሰኝን የመሰለ ሕግ እንዲያቆዩ የሚያስገድዳቸው መዝገብ ግን ሊቀር ይችላል።

መጥፋቱን ለመፈተሽ «Continue with Facebook»ን በጭራሽ አይጫኑ፤ አዲስ አካውንት ሊከፍትልዎ ይችላል። መተግበሪያው ኢሜይልዎን የሚያውቀው ከሆነ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ይሞክሩ። ገጹ «ልከናል» ቢልም አይመኑት፤ ብዙዎች ለማንም እንዲሁ ይላሉ። የሚያስረዳዎት የመልእክት ሳጥንዎ ነው። የመቀየሪያ ሊንክ ከደረሰዎ አካውንቱ አለ፤ ማረጋገጫ ኮዱን ጠቅሰው እንደገና ይጻፉላቸው።