የወፍጮ ሞተር ንዝረት፦ ማስጠንቀቂያው በከንቱ ሲጮህ፣ መጮህ ሲገባው ደግሞ ዝም ሲል

ይሄ ጎንደር፣ አዘዞ ያለ ወፍጮ ቤት ሞተር ላይ የተገጠመ፣ ብልሽትን ከንዝረቱ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነው። ሞተሩ ባለ 3 ፌዝ፣ ባለ 4 ፖል ነው። ጭነት ላይ ሲሆን በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ ይዞራል፣ በሰከንድ 24 ማለት ነው። ኤዲኤክስኤል345 የሚባለው ሴንሰር ንዝረቱን በሰከንድ 3,200 ጊዜ ይለካል፤ ኢኤስፒ32 የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ደግሞ 1,024 ልኬት በሞላ ቁጥር ወደ ፍሪኩዌንሲ ይቀይርና በ32 ክፍል ይደለድለዋል። ቦርዱ ላይ የሚሠራው ኒውራል ኔትወርክ አውቶኢንኮደር የሚባለው ነው፦ 32ቱን ቁጥር ወደ 4 ያጠባል፣ ከዚያ መልሶ 32 ለማድረግ ይሞክራል። የተማረው ጤነኛ ሞተር ብቻ ስለሆነ ያላየው ንዝረት ሲመጣበት መመለሱን ያበላሸዋል። ይሄ ስህተት ካስቀመጥነው ገደብ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው ይበራል።

ችግር፦ እህል ሲቀየር ይጮሃል

የወፍጮው ባለቤት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩን ለይተውት ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ ይሄ መብራትህ ጤፍ ላይ ጨዋ ነው፣ በቆሎ ሲገባ ያብዳል።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኔትወርኩ የተማረው ባዶ ሲዞርና ጤፍ ሲፈጭ ብቻ ነው። በቆሎ ጭነቱን ይጨምራል፣ ዙሩን ትንሽ ያወርዳል፣ ቺንጋውንም ያርገበግበዋል። ለኔትወርኩ ይሄ ሁሉ በሽታ ነው።

መፍትሄው ገደቡን ከፍ ማድረግ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፣ ግን እውነተኛውን ብልሽትም አብሮ ይደብቃል። ባዶውን፣ ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ማሽላውን ለየብቻ ቅዳና እንደገና አስተምር። ሞተሩ ሲነሳ ያሉትን ሰከንዶች ዝለላቸው። ከመቅዳትህ በፊት ግን መካኒክ ኩሽኔታውን ይየው፤ የታመመ ሞተር ካስተማርከው በሽታውን ጤና ብሎ ይይዘዋል።

ችግር፦ እህሉ ያው ሆኖ ማታ ማታ ይጮሃል

ስፔክትረሙ ላይ 100 ሄርዝን እይ። እዚያ ከፍ ካለ ምናልባት ችግሩ የመብራት ኃይሉ ነው፦ የሦስቱ ፌዝ ቮልቴጅ እኩል ካልሆነ፣ ሞተሩ በመብራቱ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ እየዞረ ማብሪያውን አጥፋው። ንዝረቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ከኤሌክትሪክ ነው፤ ከዙሩ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ሜካኒካል ነው። ይሄን ኔትወርኩን አታለማምደው፣ ሦስቱንም ፌዝ አስለካ። የቮልቴጅ መዛባት ራሱ ሞተሩን ያግለዋል።

ችግር፦ ኩሽኔታው እያፏጨ ኔትወርኩ ዝም ይላል

መጀመሪያ ሴንሰሩ የት እንደተለጠፈ እይ። የማራገቢያው ክዳን ላይ በዳብል ቴፕ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልግ። ክዳኑ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ የራሱን ጩኸት ያመጣል፣ ቴፑ ደግሞ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ይውጠዋል። ገና የጀመረ የኩሽኔታ ጉዳት ብዙ ጊዜ ብረቱን ከ500 እስከ 2,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ነው የሚያስጮኸው። ስለዚህ ቀለሙን ፍቀህ፣ ኩሽኔታው የተቀመጠበት የሞተሩ ክዳን ላይ በብሎን ወይም በሚደርቅ ኢፖክሲ እሰረው። በዚህ ሴንሰር እስከ 1,600 ሄርዝ ታያለህ። ርካሹ ኤምፒዩ6050 ግን 260 ሄርዝ ላይ ስለሚቆም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እሱ ሲሰማው ኩሽኔታው አልቋል።

ሴንሰሩ ደህና ሆኖም ዝም ካለ፣ ሰው የማይጠረጥረው ቦታ አለ፦ የኔትወርኩ ቁጥሮች ለቦርዱ ወደ 8 ቢት የሚቀየሩበት ጋ። የቁጥሮቹ ወሰን የሚወጣው ለቅየራው ከሰጠኸው ናሙና ነው፣ ናሙናው ደግሞ ጤነኛ ብቻ ነው። አንድ ክፍል በጤና ጊዜ ከ0 እስከ 4 ይንቀሳቀስ ነበር እንበል። ኩሽኔታው ሲበላሽ 20 ይደርሳል፣ ነገር ግን ቅየራው 4ን 127 ላይ ስላስቀመጠውና 8 ቢቱ ከዚያ በላይ ስለማይይዝ ኔትወርኩ የሚያየው 4ን ነው። 3.5 ብሎ ይመልሳል። ስህተቱን ከተቆረጠው ቁጥር ጋር ካሰላኸው 0.5 ይወጣል፣ ማለትም ሰላም ነው! ካልተቆረጠው ጋር ካሰላኸው ግን 16.5 ነው። ስለዚህ ያልተቆረጠውን `x` አትጣለው፦

```cpp
int v = lround(x[i] / inScale) + inZero;
in[i] = constrain(v, -128, 127);
// ... Invoke() ...
float y = (out[i] - outZero) * outScale;
err += fabs(x[i] - y);   // in[i] አይደለም
```

`constrain` የሚለውን ከተውከው የባሰ ይመጣል፤ ቁጥሩ ዞሮ ኔጌቲቭም ሊሆን ስለሚችል ስህተቱ ትርጉም ያጣል። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ሞዴል ቦርዱ ላይ እብድ ከሆነብህ፣ አንድ የተቀዳ ልኬት ለሁለቱም ስጥና 32ቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስተያይ። የሚለያየው ከኔትወርኩ በፊት ከሆነ ሞዴሉን አትነካካ፣ የፍሪኩዌንሲ ስሌቱን አስተካክል።

ችግር፦ በየግማሽ ደቂቃው ብልጭ ብሎ ይጠፋል

ገደቡን ከጤነኛው ልኬት 99 በመቶው በታች በሚውልበት ቦታ ካስቀመጥከው፣ ከ100 አንዱ ያልፈዋል። አንዱ ልኬት 0.32 ሰከንድ ስለሆነ በ32 ሰከንድ አንዴ ማለት ነው። የአንድ ደቂቃ አማካይ ውሰድና ገደቡን በዚያው አማካይ ላይ እንደገና አውጣ።

ችግር፦ ኩሽኔታው ተቀይሮም መጮሁን አልተወም

አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ግራሶ፣ እንደገና የተወጠረ ቺንጋ የድሮውን ንዝረት አይሰጡም። ትንሽ ይሥራና እንደገና በየእህሉ ቅዳ። የድሮውን ቅጂ ግን አትሰርዘው፤ የታመመው ሞተር ቅጂ አዲሱን ሞዴል የምትፈትንበት ብቸኛው ነገር ነው።