ከስልክ ንግግር በኋላ የማረጋገጫ ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ

ቡሬ ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባሕር ዳር ላለ መኖ አምራች 200 ኩንታል በቆሎ ለመሸጥ በስልክ ተስማማ እንበል። ዋጋው፣ ቀኑ፣ ክፍያው ሁሉ በአንድ ንግግር አለቀ። እህሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን «መቶ ኪሎው ከነጆንያው ነው ወይስ የተጣራ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የዋሸ የለም፤ ሁለቱም «ኩንታል» ሲባል የሰሙት የየራሳቸውን ልማድ ነው። የቃጫ ጆንያ አንዱ 1 ኪሎ ቢመዝን በ200 ጆንያ 2 ኩንታል ይጎድላል፤ በኩንታል 4,200 ብር ከተዋዋሉ ይህ 8,400 ብር ነው። የማረጋገጫ ኢሜይል የሚጻፈው ይህ ጥያቄ መኪና ከመጫኑ በፊት እንዲነሣ ነው።

ስልኩ ሳይዘጋ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንድ በአንድ ይድገሙ፤ ወዲያውም ደብተር ላይ ይጻፉ። ኢሜይሉን በዚያው ቀን ይላኩ። አንድ ሌሊት ካደረ «እንዲህ ያልን መሰለኝ» የሚለው ይገባበታል፤ «መሰለኝ» ያለበት ማረጋገጫ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም።

ቴሌግራም ይቀላል፣ ሁሉም ሰው እጅ ላይም አለ። ለዚህ ሥራ ግን አይመከርም። የተላከ መልእክት ሊታረም፣ ከሁለቱም ስልክ ላይም ሊጠፋ ይችላል። ስምምነቱን በኢሜይል ይላኩና ቴሌግራሙን «ኢሜይል ልኬልዎታለሁ፣ ይዩልኝ» ለማለት ይጠቀሙበት።

አንዳንዱ «የተነጋገርነውን በጽሑፍ ብልክለት አላመነኝም ይላል» ብሎ ይተወዋል። ይህ በአጀማመሩ ይፈታል። «እንዳልሳሳት ጽፌዋለሁ» ሲሉ ጥርጣሬው ወደ ራስዎ ትውስታ ይዞራል፤ ማንም አይቀየምም። የቡሬው ሻጭ የሚልከው ይህን ይመስላል፦

ጉዳዩ፦ የጥር 4/2018 የስልክ ስምምነት ማረጋገጫ፣ 200 ኩንታል በቆሎ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በስልክ የተስማማንበትን እንዳልሳሳት ጽፌዋለሁ።

1. መጠን፦ 200 ኩንታል ነጭ በቆሎ። አንድ ኩንታል ማለት ጆንያው ሳይቆጠር የተጣራ 100 ኪሎ ነው።

2. እርጥበት፦ ከ13.5 በመቶ ያልበለጠ። የሚለካው ከመጫኑ በፊት ቡሬ መጋዘናችን ውስጥ፣ ተወካይዎ ባሉበት ነው።

3. ዋጋ፦ በኩንታል 4,200 ብር፣ በድምሩ 840,000 ብር። የጫኝ ሒሳብ በእኛ፣ የመኪናና የአውራጅ በእናንተ።

4. ክፍያ፦ 252,000 ብር ቅድሚያ እስከ ረቡዕ ጥር 13፤ ቀሪው 588,000 ብር እህሉ ባሕር ዳር ከተራገፈ በኋላ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ።

5. ጭነት፦ መኪናችሁ ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም (ጃንዋሪ 26 ቀን 2026) ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቡሬ መጋዘናችን ይደርሳል።

ያልተወሰነ፦ የቡሬና የባሕር ዳር ሚዛን ቢለያይ የትኛው እንደሚያዝ። ዓርብ ጥር 8 እኔ እደውላለሁ።

የተሳሳትሁት ካለ እስከ ረቡዕ ጥር 6 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በተራ ቁጥሩ ይንገሩኝ። ሁሉም ልክ ከሆነ «ከ1 እስከ 5 ትክክል ነው» ብለው ይመልሱልኝ።

ከዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥር 5 ላይ ነው። ጥርን ጃንዋሪ ብሎ መተርጎም የተለመደ ስለሆነ፣ ጥር 18ን አይቶ ጃንዋሪ 18 ብሎ የሚመዘግብ ሰው አይጠፋም። ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 ግን ጥር 10 ነው፤ ሾፌሩ ስምንት ቀን ቀድሞ፣ ያውም በከተራ ዕለት፣ ዝግ መጋዘን በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ የዕለቱ ስም፣ የእኛ ቀንና የፈረንጁ ቀን ሦስቱም ይጻፉ። አንዱ ከተሳሳተ ሌሎቹ ያጋልጡታል፤ «ሰኞ» ተብሎ እሑድ ላይ የሚውል ቀን ሲያይ አንባቢው ራሱ ይደውላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «3 ሰዓት» ብቻ ሳይሆን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይባል። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ «9:00 AM» ብለው ቀይረው ይጻፉት፤ በቁጥሩ እንዳለ ከገባ ሌላው ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ነው የሚያነበው።

ሁለተኛው ከባድ ቦታ «ያልተወሰነ» የሚለው ነው። ጸሐፊው እሱ የሚፈልገውን መልስ ቀስ አድርጎ ከተወሰኑት መሐል ያስገባዋል፤ ለምሳሌ በስልክ ያልተነሣውን «የሚያዘው የቡሬው ሚዛን ነው» ብሎ ይጨምራል። ተቀባዩ አንዲት ያልተባለች ነገር ካገኘ የቀሩትን አምስቱንም መጠራጠር ይጀምራል። ያልተባለ ነገር ሁልጊዜ ከታች፣ ለብቻው፣ ማን መቼ እንደሚያነሣው ተጠቅሶ ይጻፍ።

ከዚያ መልሱን መጠበቅ ነው። ዝም ማለት እንደ መስማማት የሚቆጠር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1682 ላይ በመርሕ ደረጃ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። «እሺ» የሚል መልስም በቂ አይደለም። «እሺ» ደርሶኛል ማለት ሊሆን ይችላል፣ አያለሁ ማለትም ሊሆን ይችላል። ናሙናው ላይ መልሱ ራሱ ተጽፎ የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ሰውየው አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጽፈው። ረቡዕ አልፎ መልስ ካልመጣ ሐሙስ ጠዋት ይደውሉ፤ «ደረሰዎ?» ከማለት ይልቅ «ቁጥር 1 ላይ የተጣራ ያልሁት ልክ ነው?» ብለው ይጠይቁ። በስልክ አዎ ካሉም በዚያው ኢሜይል ላይ ጽፈው እንዲመልሱልዎ ይለምኑ።

ኢሜይል የት ድረስ እንደሚያስኬድም ማወቅ ያስፈልጋል። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ግን ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት ለመግዛት በስልክ ተነጋግረው በኢሜይል ቢያረጋግጡ ውል ገባሁ ማለት አይቻልም፤ ሕጉ የጽሑፍ ውል፣ ፊርማና ምስክሮችን ይጠይቃል። ለበቆሎው ዓይነት የዕለት ግብይት ግን ኢሜይሉ የተባባሉትን ለማስረዳት ይጠቅማል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሲቀየር፣ ለምሳሌ መኪናው ወደ ማክሰኞ ጥር 19 ቢዛወር፣ አሮጌውን ጽሑፍ አስተካክለው እንደ አዲስ አይላኩ። ያኔ ሁለት ተመሳሳይ ኢሜይሎች ይኖሩና የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ያከራክራል። በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ብለው «ቁጥር 5 ብቻ ተቀይሯል፤ አዲሱ ቀን ማክሰኞ ጥር 19 (ጃንዋሪ 27) ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከ1 እስከ 4 እንዳለ ነው» ብለው ይጻፉ። ለዚህም እንደ መጀመሪያው የጽሑፍ መልስ ይቀበሉ።