ጨርቁ ረከሰ ወይስ ጠበበ? በጥሬ ዕቃ ልዩነት ስሌት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ የወጪ ሂሳብ እሠራለሁ። ነሐሴ ሲገባ እኛ ጋ ዝናቡም ሥራውም አያባራም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ሁሉም ዩኒፎርሙን ቶሎ ይፈልጋል። ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት ይመጣል፣ ከሪፖርቱ ጋርም ያው የለመድኩት ስህተት ይመጣል። ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ቢሳሳቱ አይገርመኝም፣ ገና እየተማሩ ነው። ዓመታት የሠራ ሰው ሲደግመው ግን ደም ሥሬ ይነሳል። ዘንድሮ ትዕግሥቴ አለቀና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ለሁሉም አንድ ምሳሌ ይበቃናል። ታሪኩ የደረሰ ነው፣ ቁጥሮቹን ግን ለስሌት እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ።

2,000 የተማሪ ኮት ለመስፋት አቅደናል። ስታንዳርዱ፣ ማለትም አስቀድመን ያወጣነው ልክ፣ ለአንድ ኮት 1.5 ሜትር ጨርቅ፣ ሜትሩ በ200 ብር ይላል። ግዢ ክፍል ከአዲስ አበባ መርካቶ 3,000 ሜትር በ190 ብር ገዝቶ አመጣ። መብራት እየሄደ እየመጣ የተሰፋው ግን 1,800 ኮት ብቻ ሆነ። ለዚህም 2,880 ሜትር ጨርቅ ከስቶር ወጥቷል። ቀሪው 120 ሜትር መደርደሪያ ላይ ነው።

ያልተሰፋውን ኮት ማልበስ

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጁ የመጠን ልዩነት፣ ማለትም የወጣው ጨርቅ ከሚፈቀደው ምን ያህል እንደራቀ፣ ሊያሰላ ይቀመጣል። ዕቅዱን ይከፍታል፣ 2,000 ኮት ሲባዛ በ1.5፣ 3,000 ሜትር ይላል። የወጣው 2,880 ነው። «120 ሜትር ቆጥበናል፣ በ200 ብር ሲባዛ 24,000 ብር ትርፍ!» ብሎ ፈገግ ብሎ ይመጣል። አለቃም ፈገግ ይላል። ስብሰባ ላይ ይጨበጨባል።

ምን ቆጠብን? 200 ኮት አልተሰፋም እኮ! ያልተሰፋ ኮት ጨርቅ ስላልበላ ቁጠባ ከተባለማ፣ ፋብሪካውን ዘግተን ቤታችን ብንቀመጥ አንደኛ ቆጣቢዎች እኛ ነን።

ጥያቄው «ለተሰፋው ስንት ሜትር ይፈቀድ ነበር?» የሚል ነው። 1,800 ኮት በ1.5 ሲባዛ 2,700 ሜትር ይሆናል። የወጣው 2,880 ስለሆነ 180 ሜትር ከልክ በላይ ተበልቷል። በ200 ብር ሲባዛ 36,000 ብር ኪሳራ ነው። ልብ በሉ፣ መልሱ ትንሽ የተዛባ አይደለም። ምልክቱ ራሱ ተገልብጧል። 24,000 ብር ያተረፈ የተባለው ክፍል 36,000 ብር ያከሰረ ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ ያለው 60,000 ብር ደግሞ ምንም አይደለም፣ የ200 ኮት ጨርቅ ነው።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ምርት ከዕቅድ በታች በሆነ ቁጥር የመጠን ልዩነቱ ካማረ፣ ከዕቅድ በላይ በሆነ ቁጥር ደግሞ ከከፋ፣ የሚሰላው በዕቅዱ ነው ማለት ነው። የአምስት ስድስት ወር ሪፖርት ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ወዲያው ይታያል። እኔ አንዴ የሦስት ዓመት ሪፖርት እንደዚህ ተሠርቶ አግኝቻለሁ። የቆራጮች ቦነስ የተከፈለው በእሱ ነበር።

የመጠኑን ልዩነት በተገዛበት ዋጋ ማባዛት

180 ሜትሩን በ190 ካባዛችሁት 34,200 ይመጣል። አታድርጉት። ቆራጩ ዋጋውን አልተደራደረም፣ የእሱ ጉዳይ ሜትሩ ብቻ ነው። በ200 ይባዛ።

የዋጋውን ልዩነት ጨርቁ እስኪቆረጥ ማቆየት

በሜትር 10 ብር ረክሷል። በስንት ሜትር እናባዛው? በተገዛው 3,000 ከሆነ 30,000 ብር፣ በወጣው 2,880 ከሆነ 28,800 ብር ይሆናል። መጽሐፎቹ ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፣ የአሠራር ምርጫ ነው። እኔ ግን በተገዛው፣ ያውም ጨርቁ ስቶር በገባ ዕለት ይሰላ እላለሁ። ዋጋው የተወሰነው ያን ቀን ነው። ግዢ ሠራተኛውን የምትጠይቁትም ነጋዴው ያለውን ሳይረሳ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ብትጠይቁት «ገበያው ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

ረከሰ ያለውን አመስግኖ ቆራጩን መቅጣት

አሁን ትክክለኛዎቹ ሁለት ቁጥሮች በእጃችን ናቸው። ዋጋ ላይ 30,000 ብር መልካም፣ መጠን ላይ 36,000 ብር መጥፎ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ለግዢ ክፍል የምስጋና ደብዳቤ፣ ለቆራጭ ክፍል ማስጠንቀቂያ። እኛም ጋ የተደረገው ይሄው ነበር። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ።

ዋናው ቆራጫችን ጋሼ ነው የምንለው፣ መቀስ ከያዘ ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ማስጠንቀቂያውን አንብቦ አልተቆጣም። «ልጄ፣ ና እስቲ» ብሎ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ወሰደኝ። ጠረጴዛው ላይ ማርከሩ ተዘርግቷል፤ የኮቱ ክፍሎች፣ ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚቆረጡ የተሳለበት ወረቀት ማለት ነው። ጋሼ ከጣቃው ላይ ጨርቅ ሳበና ወረቀቱ ሥር አነጠፈው። ወረቀቱ ከጨርቁ በአንድ በኩል ተርፎ ወጣ። ከአንገቱ ሜትሩን አውርዶ ወርዱን ለካ። 1 ሜትር ከ42።

ስታንዳርዱ የተሠራው 1 ሜትር ከ50 ወርድ ላላት ጨርቅ ነበር። 8 ሳንቲሜትር ጎድሏል። ወርዱ ሲጠብ እጅጌው ከጀርባው ጎን መግባቱን ትቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ርዝመቱ ይጨምራል። ቆራጩ ምን ያድርግ?

ወደ ቢሮ ተመለስኩና እንደገና ሠራሁት። 1.5 ሜትሩ በ1.50 ወርድ የነበረ ከሆነ፣ በ1.42 ወርድ አንድ ኮት ወደ 1.58 ሜትር ይፈልጋል። ለ1,800 ኮት 2,852 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከ180 ሜትሩ ውስጥ 152ቱን የበላው የወርዱ መጥበብ ነው፣ 30,400 ብር። ከቆራጭ ክፍል የሚጠየቀው ቀሪው 28 ሜትር ብቻ ነው፣ 5,600 ብር። እሱም የየጣቃው ጫፍ ቁርጥራጭና በአነጣጠፍ ጊዜ የሚተርፈው ነው። ሊጠየቅ ይገባል፣ ግን ማስጠንቀቂያ የሚያጽፍ አልነበረም።

ይህ ስሌት ግምት መሆኑን ልብ በሉ። ጨርቁ ሲጠብ የሚያስፈልገው ርዝመት ሁልጊዜ በልኩ አይጨምርም። አንዳንዴ ክፍሎቹ እንደ ዕድል ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ አንድ ክፍል ለጥቂት አልገባም ብሎ ብዙ ጨርቅ ያባክናል። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ለጠባቡ ጨርቅ አዲስ ማርከር አሠርታችሁ ርዝመቱን ለኩ። የምትለኩት ወርድም የሚቆረጠው ይሁን፣ የግራና የቀኝ ጠርዙ አይገባም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ዋጋውን በካሬ ሜትር አካፈልኩት። 200 ብር ለ1.50 ሲካፈል 133 ብር ከ33 ሳንቲም። 190 ብር ለ1.42 ሲካፈል 133 ብር ከ80። የረከሰው ጨርቅ በትንሹም ቢሆን ተወዷል! የምስጋና ደብዳቤ የተጻፈለት ቁጠባ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ነጋዴው በሜትር 10 ብር የቀነሰው ሳያውቅ ይመስላችኋል? የግዢውን ልጅ ስጠይቀው ወርዱን አለመለካቱን ነገረኝ። የግዢ መጠየቂያው ላይም ዓይነትና ቀለም እንጂ ወርድ የሚባል ነገር አልተጻፈም። ቅጹን ያዘጋጀው ማን ነው? አትጠይቁኝ።

ስታንዳርዱና ፋክቱሩ የማይመሳሰሉ ሲሆኑ

ይሄኛውን ራሴም ሠርቼዋለሁ። ስታንዳርዱ ጨርቁ ጅማ ስቶራችን እስኪገባ ያለውን ዋጋ የያዘ ነበር፣ የ350 ኪሎ ሜትሩን የመኪና ኪራይና የማውረጃውን ጨምሮ። እኔ ደግሞ ትክክለኛው ዋጋ ብዬ ያስገባሁት ፋክቱሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ለወራት የዋጋ ልዩነቱ መልካም ሆኖ ዘለቀ። ኪራዩ ትራንስፖርት በሚል ሌላ ሂሳብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የዋጋ ልዩነት በየወሩ፣ በየአቅራቢው፣ በተመሳሳይ መቶኛ መልካም ከሆነ ገበያው ደግ ሆኖ አይደለም። በተቃራኒው በየወሩ 15 በመቶ አካባቢ የሚከፋ ከሆነ ደግሞ ቫቱ ተደምሮ እንዳይሆን እዩት። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁና ተመላሽ የምታገኙበት ከሆነ የጨርቁ ዋጋ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከስቶር የወጣው ሁሉ ተቆርጧል ማለት

ስቶር የሚያወጣው በጣቃ ነው። ወሩ ሲያልቅ መቁረጫ ክፍል ውስጥ ግማሽ ጣቃ ይኖራል። ሳይቆጠር ካለፈ ይህ ወር የከሰረ፣ የሚቀጥለው ወር ያተረፈ ይመስላል። በወሩ መጨረሻ ወርዳችሁ ለኩት። ጣቃው ላይ የተለጠፈውን ቁጥርም አትመኑ፣ አንዱን ዘርግታችሁ ለኩ። 100 ተብሎ 98 የወጣበትን ቀን አውቃለሁ። የጎደለው 2 ሜትር ካልተያዘ ሄዶ ቆራጩ ላይ ይለጠፋል።

መደርደሪያ ላይ የቀረውን መርሳት

120 ሜትሩ ትዝ ይላችኋል? ያ ጠባብ ጨርቅ በጥቅምት ለሌላ ትዕዛዝ ወጣ። 75 ኮት ወጣው። ለ75 ኮት የሚፈቀደው 112.5 ሜትር ስለሆነ 7.5 ሜትር አለፈ፣ 1,500 ብር። የዋጋው «ትርፍ» ነሐሴ ላይ ተመዝግቦ አልቋል፣ ስለዚህ የጥቅምት ሪፖርት ላይ የሚታየው የመጠን ኪሳራ ብቻ ነበር። በመካከሉ ተረኛ የሆነው አዲሱ ቆራጭ ተጠርቶ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የጨርቁ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ አወጣሁና ከጎኑ በእስክሪብቶ «ወርድ 1.42» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ልጁን ሻይ ጋበዝኩት።