እንግዳ ስናስተዋውቅ ስም ብንሳሳት ወይም የምንለው ቢጠፋን እንዴት እናርመው?

ባሕር ዳር ውስጥ ዐውደ ጥናት፣ ምረቃና የምክክር ጉባኤ ብዙ ነው፤ በሐይቁ ዳር ባሉ አዳራሾች እንግዳ እንዲያስተዋውቅ የሚመደበውም ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ የተመረጠ ሠራተኛ እንጂ ሥራው መድረክ መምራት የሆነ ሰው አይደለም። እኔ መድረክ መምራቱን የተማርኩት በሥራ ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰዎች ሲቸገሩበት ያየሁት የተሳሳተን ስም በሕዝብ ፊት ማረም ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ካርዱን ያዘጋጁ። የእንግዳውን ማዕረግና ስም በትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ደግሞ ኃላፊነታቸውንና የሚያቀርቡትን ርእስ በአንድ በአንድ መስመር ይጻፉ። ስልክ ላይ ማንበብን አልመክርም፤ ቃሉ በጠፋብን ቅጽበት ስክሪኑም ጠፍቶ እናገኘዋለን። ዝግጅቱ ከቤት ውጭ በሐይቁ ዳርቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ስስ ወረቀትን ከእጅ ስለሚያስት፣ ጠንከር ያለ ካርቶን ይሻላል። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያድርጉበት። ለምሳሌ ለሚ የሚለው የኦሮምኛ ስም የሚጠራው «ሚ» ጠብቆ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አላልቶ ያነብበዋል። ስሙን ከግብዣ ደብዳቤው ከመገመት ይልቅ ከጉባኤው በፊት ከእንግዳው አንደበት መስማት ይገባል።

አሁን ስሕተቱ ደረሰ እንበል። ጉባኤው ስለ እምቦጭ አረም ነው፤ አቅራቢው ዶክተር አዳነ ይባላሉ። አስተዋዋቂው በጥድፊያ «ቀጥሎ ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡልን ዶክተር አደነ» አለ። በአንዲት ፊደል ልዩነት ከሞት ያዳነው ሰው አውሬ አዳኝ ሆነ። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ነገር አጭር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። አፍን መዝጋት፣ አንድ ጊዜ መተንፈስ፣ «ይቅርታ» ማለት፣ ከዚያም ትክክለኛውን ስም ከነማዕረጉ ጠርቶ በዚያው ስም የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር መጀመር፦ «ይቅርታ፤ ዶክተር አዳነ የጣናን ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲያጠኑ የቆዩ ተመራማሪ ናቸው።» በዚህ አነጋገር እርማቱ ለብቻው ቆሞ የሚታይ ነገር አይሆንም፤ ከመግቢያው ጋር ተያይዞ ያልፋል። በመጨረሻ «ዶክተር አዳነ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው» ሲባል ትክክለኛው ስም ሁለት ጊዜ፣ የተሳሳተው አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቷል።

ብዙዎች የሚወድቁት «አደነ ሳይሆን አዳነ» በማለታቸው ነው። ይህ አነጋገር የተሳሳተውን ስም እንደገና ያሰማል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያቆም ትርጉማቸው እንዲነጻጸርና አዳራሹ እንዲስቅ ይጋብዛል። አንድ አስተዋዋቂ ስሙን አርሞ ሳይበቃው ለምን እንደተሳሳተ ሲያብራራ፣ የእንግዳው ስም ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ፣ በመጨረሻም ይቅርታውን ሲደጋግም አይቻለሁ። ሻይ ዕረፍት ላይ ተሳታፊዎች አቅራቢውን ሲያነሡ የተጠቀሙት የተሳሳተውን ስም ነበር፤ በጆሯቸው የቀረው እርሱ ነውና። ስሙ የእንግዳው ስለሆነ እርማቱም ለእርሳቸው የሚደረግ ነው፤ ስለ ራሳችን ድካም፣ ስለ ጽሑፉ ደቃቅነት ወይም ስለ መብራቱ የምንናገረው ሁሉ ከእርሳቸው ጊዜ ይወሰዳል።

ድምፅም ይታሰብበት። የተሳሳተ ሰው ትክክለኛውን ስም ዝቅ ባለ ድምፅና በፍጥነት ማለፍ ይቀናዋል፤ አድማጩም ስሕተቱን ሰምቶ እርማቱን ሳይሰማ ይቀራል። በተጨማሪም ይቅርታ ስንጠይቅ ፊታችንን ወደ እንግዳው እናዞራለን፤ ያን ጊዜ አፋችን ከማይክሮፎኑ ይርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን በማይክሮፎኑ ቀስ ብሎ መጥራት፣ ከዚያ ወደ እንግዳው ዞሮ ራስን ዝቅ አድርጎ እጅ መንሣት ይሻላል።

ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ካላወቅን እንግዳውን መጠየቅ ነውር አይደለም። «ስምዎን በትክክል እንድጠራ እባክዎ ከእርስዎ ልስማው» ብሎ ሰምቶ፣ ራሳችን ደግመን መጥራት አለብን። ሰምቶ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ አለመጠየቅን ያህል ያስከፋል። ስንደግመውም እንግዳው በአዎንታ ራሳቸውን ከነቀነቁ በቂ ነው። ከንፈራቸው ስሙን በዝግታ ከደገመው ግን ገና አልተስተካከለም ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ሞክረን እንለፍ።

ስሙ ፈጽሞ ሲጠፋን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ራሱ ጊዜ ይሰጠናል፤ ስሙን ከመጨረሻው ግስ በፊት ማምጣት ይቻላልና። «ቀጥሎ ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡልን፣ በሐይቁ ዙሪያ ከአርሶ አደሮችና ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር የሠሩት፣ ዛሬ ደግሞ ከእኛ ጋር የተገኙት…» እያልን ካርዱን ለማየት ወይም ለማስታወስ በቂ ጊዜ እናገኛለን። የአክብሮቱ አነጋገር ወንድና ሴት ስለማይለይ፣ ደስታን በመሰለ ለሁለቱም ፆታ በሚወጣ ስም ብንጠራጠር እንኳ «የሚያቀርቡልን» እና «ናቸው» ከስሕተት ያድናሉ። ሆኖም ገለጻው ከሦስት ሐረግ ካለፈ አድማጭ ያውቃል። ስሙ አሁንም ካልመጣ ዓረፍተ ነገሩን «የዛሬው አቅራቢያችን ናቸው» ብሎ መዝጋትና ካርዱን በግልጽ አንሥቶ ማንበብ ይገባል። ካርድ ማንበብ ማንንም አያስከፋም፤ በግምት የሌላ ሰው ስም መጥራት ግን ያስከፋል።

ከስሙ ይልቅ የምንናገረው ነገር ከጠፋን ደግሞ በየትኛውም ቦታ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል ይያዝ። ከላይ ላለው ጉባኤ «ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው» የሚለው ይበቃል፤ ከጉዳዩ አይወጣም፣ ከየትኛውም አንቀጽ በኋላ ይሰካል። እርሱን ተናግረን የተረሳውን መስመር ለመፈለግ ወደ ኋላ አንመለስ፤ ቀጥታ ወደ እንግዳው ስምና ወደ ግብዣው እንሂድ። የዘለልነውን ያወቅነው እኛ ብቻ ነን።

በጣና ዙሪያ ጉባኤዎች ከገዳማትና ከአድባራት የሚመጡ አባቶች ስለሚገኙ ስለ ማዕረግ አንድ ቃል ልጨምር። መነኩሴን «አቶ» ማለት፣ «መልአከ ሰላም» የተባሉትን ካህን በስማቸው ብቻ መጥራት ፊደል ከመሳሳት የከበደ ነው። እርማቱ ግን ያው ነው፦ «ይቅርታ፤ መልአከ ሰላም» ብሎ ማዕረጉን ከስሙ ጋር አንድ ላይ መጥራት። ማዕረጉን ለብቻው መጨመር አይበቃም።

ስሕተቱን ዘግይቶ በተላከልን ወረቀት ካወቅን ንግግራቸውን አናቋርጥ። እንግዳው ጨርሰው ሲመሰገኑ ትክክለኛውን ስም ከፍ አድርገን እንጥራ፤ በሕዝብ ፊት የተሳሳትነውን በጓዳ ብቻ ይቅርታ መጠየቅ አያርመውምና። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሰውና ቪዲዮ ወደሚቀርጸው ባለሙያ ሄዶ ካርዱን ማሳየት ይቀራል፤ እነርሱ የጻፉት መድረክ ላይ የሰሙትን የመጀመሪያውን ስም ሊሆን ይችላል።